ቢዝነስ ፕላን ላይ «የባለሀብቱ መውጫ» በሚለው ሥር ምን ልጻፍ? የቡሬ በርበሬ ማቀነባበሪያ

የቡሬ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ቡሬ ላይ ዛላ በርበሬ ገዝተን፣ ለቅመንና አድርቀን፣ ፈጭተን በማሸግ ለመሸጥ ዕቅድ አዘጋጅተናል። የምንመሠርተው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ጠቅላላ ካፒታሉ 8 ሚሊዮን ብር ሲሆን ሦስታችን መሥራቾች 5 ሚሊዮን እናዋጣለን። ቀሪውን 3 ሚሊዮን አዲስ አበባ ያሉ አንድ ሰው ሊያስገቡ ፈቅደዋል። ድርሻቸው 37.5% ይሆናል። ማሽኑን በባንክ ብድር ነው የምንገዛው።

ሰውየው ዕቅዱን አንብበው ወደዱት። አንድ ገጽ ብቻ መለሱልን። እዚያ ላይ የጻፍነው እንዲህ ይላል፦ «ከ5 ዓመት በኋላ ድርጅቱ በትልቅ ኩባንያ ይገዛል፣ ወይም አክሲዮን ገበያ ይገባል፣ ወይም መሥራቾች ድርሻውን መልሰው ይገዛሉ።» ከጎኑ በእስክሪብቶ ሦስት ጥያቄ ጻፉበት፦ ማን? በስንት? ከየትኛው ብር?

ሳንመልስላቸው አይፈርሙም። በእኛ ስሌት በ3ኛው ዓመት ከግብር በፊት 2.4 ሚሊዮን እናተርፋለን። ምን ብዬ ልጻፍ?

ዳንግላ_ነጋዴ
ወንድሜ ነገሩን አታክብደው። መልሶ መግዛት ምናምን የፈረንጅ ነገር ነው። በየዓመቱ ትርፉን እኩሌታ አካፍሉ፣ እሳቸውም ድርሻቸውን ይውሰዱ። በ7 በ8 ዓመት ብራቸውን መልሰው ድርሻውም በእጃቸው ይቀራል። ከዚህ የተሻለ መውጫ የለም። ሰው እየበላ ያለበትን ማዕድ ጥሎ አይነሳም።

የማርቆስ_ሰው
አይዞህ፣ አንተ ብቻ አይደለህም። እኔም ከሽርክና ለመውጣት ሦስት ዓመት ተንገላትቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከአንድ ወዳጄ ጋር የእንግዳ ማረፊያ ከፍተን ነበር። ልውጣ ስለው «ያስገባኸውን ውሰድ» አለኝ። እኔ ደግሞ ቤቱ ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ይታሰብልኝ አልኩ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ምክንያቱም ውላችን ላይ ስለ ዋጋ አንዲት መስመር አልነበረችም። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ጠበቃ ያዝ።

የቡሬ_ልጅ
ጋሼ እኔ ለመውጣት አይደለም። ገና መግባታችን ነው። ባለሀብቱ ወደፊት እንዴት እንደሚወጡ ነው የምጽፈው።

የማርቆስ_ሰው
እንግዲያውስ ይበልጥ ስማኝ። ዋጋው የሚወሰንበትን መንገድ አሁን ጻፉት። ፍቅር ሳለ ነው የሚጻፈው።

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
ጋሼ የማርቆስ ትክክል ናቸው። ወደ ዋጋው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን የዳንግላውን ወንድማችንን ሐሳብ በሒሳብ እንየው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። የትርፍ ክፍፍል ከሁሉም ቀላሉና እርግጠኛው መንገድ ነው። ችግሩ በርበሬ ላይ ትርፉ ብር ሆኖ አይቀመጥም። ጆንያ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

3ኛውን ዓመት እንውሰድ። ከ2.4 ሚሊዮኑ 30% የንግድ ትርፍ ግብር 720 ሺህ ነው። የተጣራው 1,680,000 ይሆናል። የማሽን እርጅና ተብሎ የተቀነሰው ከካዝና የወጣ ብር ስላልሆነ ይመለሳል፤ 220 ሺህ እንበል። 1.9 ሚሊዮን ሆነ። አሁን ደግሞ የሚቀጥለው መኸር መጣ። የዛላ ዋጋ በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ሽያጫችሁም እያደገ ነው። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ የሚያዘው በርበሬ ካለፈው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ብር ይበልጣል ብለን እናስብ። የባንክ ዋና ብድር ክፍያ ደግሞ 350 ሺህ። የቀረው 450 ሺህ ነው።

ከእሱ ላይ 50 ሺህ ለክፉ ቀን ብታስቀምጡ 400 ሺህ ትከፋፈላላችሁ። የባለሀብቱ 37.5% 150 ሺህ ብር ነው። የትርፍ ድርሻ ግብር ሲቆረጥ ከዚያም ያንሳል። 3 ሚሊዮን ላስገባ ሰው በዓመት 5% ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ዋናውን ብር ለመመለስ 20 ዓመት ይፈጃል።

«ትርፉን እኩሌታ» የሚለውን ደንብ ብትጽፉ ደግሞ 840 ሺህ ማካፈል አለባችሁ። ያላችሁ 450 ነው። ቀሪውን የባንክ ኦቨርድራፍት ብድር ወስዳችሁ ትከፍላላችሁ። ብዙ ትንንሽ ማቀነባበሪያ የሚታመመው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ ከትርፉ ይህን ያህል ከምትሉ «ግብር፣ ብድርና የሚቀጥለው መኸር ግዢ ከተነሣ በኋላ ከሚተርፈው ጥሬ ገንዘብ ይህን ያህል» በሉ።

ዳንግላ_ነጋዴ
የጆንያውን ነገር አላሰብኩትም፣ እውነት ነው። ታዲያ ትርፉን ባናካፍልና ድርጅቱ ውስጥ ቢቀር ምን ይላል? የድርሻቸው ዋጋ ያድጋል አይደል?

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
ያድጋል፤ ግን ዝም ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ያልተከፋፈለና ተመልሶ ሥራ ላይ ያልዋለ ትርፍን ግብር ያስከፍላል። ስለዚህ በርበሬ ለመግዛት የዋለውን ትርፍ በቃለ ጉባኤ ወስናችሁ ካፒታል አሳድጉበት፤ ንግድ ቢሮም ይመዝገብ። ብዙ ሰው ብሩን በርበሬ ላይ አውሎ ወረቀቱን ይረሳል። ኦዲት ሲመጣ ደረሰኙ በርበሬ ነው፣ ውሳኔው ግን የለም።

ባንክ_ፍኖተሰላም
አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑን በብድር ከገዛችሁ የብድር ውሉን ገልጣችሁ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ብድሩ ሳያልቅ ያለ ባንኩ የጽሑፍ ፈቃድ ትርፍ ማከፋፈልም ሆነ ድርሻ ማስተላለፍ እንደማይቻል የሚናገር አንቀጽ አለበት። ደንበኞች በመመሥረቻ ጽሑፋቸው ለባለሀብት «በ3ኛው ዓመት እንገዛዎታለን» ብለው ፈርመው ይመጣሉ። በኛ በኩል ብድሩ የ5 ዓመት ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ሲጋጩ የሚጎዳው ባለሀብቱ ነው።

የቡሬ_ልጅ
እህቴ ይህን አናውቅም ነበር። የኛም ብድር የ5 ዓመት ነው የሚሆነው። ከዚያ በፊት መልሶ መግዛት አይቻልም ማለት ነው?

ባንክ_ፍኖተሰላም
ክልክል ነው አላልኩም። ብድሩ ሲፈረም አብራችሁ ጠይቁ። «በዓመት እስከዚህ ያህል ለባለሀብት መክፈል ይቻላል» የሚል አንቀጽ ካስገባችሁ፣ በኋላ መለመን አይኖርም። ካልፈቀዱላችሁም ቢያንስ ዕቅዱ ላይ እውነተኛ ዓመት ትጽፋላችሁ።

መርካቶ_ቅመም
እኔ አዲስ አበባ ቅመማ ቅመም ንግድ ውስጥ ነኝ። ሀገሬ ብቸና ነው። «በትልቅ ኩባንያ ይገዛል» የምትለውን መስመር አውጣት። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ባለፈው ጊዜ አንድ የበርበሬ ማቀነባበሪያ ለመግዛት ከሚፈልግ ሰው ጋር አብሬ ሄጄ ነበር። ገዢው ቢሮ አልገባም። በቀጥታ መጋዘን ገባ። ከመሀል ጆንያ አስወርዶ አስፈታና እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ከሥር ዛላ አወጣ። ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። በደንብ የደረቀ ዛላ ፍሬው ይንሿሿል። ያ ዝም አለ። ሲሰነጥቀው ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ነበረው። ያ ክምር መዝገብ ላይ በተገዛበት ዋጋ ተቀምጧል፤ ገዢው ግን ከሒሳቡ አወጣው። ሻጋታ ባለበት በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ይፈራል፤ ሱፐርማርኬትም ሆነ ውጭ አገር የሚልክ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት ይጠይቃል።

ሌላው ደግሞ ድርጅቱን ከነስሙ መግዛት ብዙዎች አይፈልጉም። ያልታወቀ የግብር ዕዳ አብሮ ይመጣል ብለው ይሰጋሉ። ማሽኑን፣ ስቶኩንና የንግድ ምልክቱን ብቻ እንግዛ ይላሉ። ያኔ ብሩ የሚገባው ለማኅበሩ ነው። የባለሀብቱ እጅ የሚደርሰው ዕዳና ግብር ተከፍሎ፣ ማኅበሩ ፈርሶ ወይም ትርፉ ተከፋፍሎ ነው። ዕቅድህ ላይ «ሽያጭ» ካልክ የትኛው እንደሆነ ለይ።

የቡሬ_ልጅ
አክሲዮን ገበያውስ? በ2017 ሥራ ጀምሯል ተብሎ ነበር።

መርካቶ_ቅመም
ለ8 ሚሊዮን ብር ማኅበር እሱን አታስበው። መጀመሪያ ወደ አክሲዮን ማኅበር መለወጥ አለባችሁ። ከዚያ የዓመታት የኦዲት ሪፖርት፣ አማካሪ፣ ወጪ አለ። አንድ ቀን ብታድጉ ይደርሳል። ለሰውየው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም።

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
እስማማለሁ። ስለዚህ የሚቀረው መልሶ መግዛት ነው። ጋሼ የማርቆስ እንዳሉት ዋጋውን አሁን እንጻፍ።

ለእናንተ የሚሆነው ቀላል ቀመር ይህ ነው። ያለፉት ሦስት ዓመታት በውጭ ኦዲተር የተረጋገጠ የተጣራ ትርፍ አማካይ በ5 ተባዝቶ የባለሀብቱን ድርሻ መቶኛ መውሰድ። አምስት የሚለው የድርድር ቁጥር ነው፤ አራትም ስድስትም ማለት ትችላላችሁ። የሦስት ዓመት አማካይ ያልኩት አንድ ዓመት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ወይም ሲወድቅ አንዱ ወገን እንዳይጎዳ ነው።

የ3ኛው፣ የ4ኛውና የ5ኛው ዓመት የተጣራ ትርፍ 1.68፣ 2.0 እና 2.32 ሚሊዮን ከሆነ አማካዩ 2 ሚሊዮን ነው። ሲባዛ 10 ሚሊዮን። የ37.5% ዋጋ 3.75 ሚሊዮን ይሆናል። እንግዲህ «ከየትኛው ብር?» ወደሚለው ሦስተኛ ጥያቄያቸው መጣን። በ5ኛው ዓመት የሚተርፋችሁ ጥሬ ገንዘብ 650 ሺህ ቢሆንና 60 በመቶውን ለዚህ ብትመድቡ 390 ሺህ ነው። 3.75 ሚሊዮኑን ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ «በ5ኛው ዓመት እንገዛዎታለን» ብሎ መጻፍ ሰውየውን ማታለል ነው። ቁጥሩ አይፈቅድም።

የቡሬ_ልጅ
ይህን ስታይ ድንጋጤ ይመጣል። ምን ይደረጋል?

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
አንዱ መንገድ 3 ሚሊዮኑን ከመነሻው ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹ ድርሻ፣ ግማሹ ለማኅበሩ የተሰጠ ብድር ይሁን። ከ3ኛው ዓመት ጀምሮ ብድሩን በዓመት 300 ሺህ ብትመልሱ በ7ኛው ዓመት መጨረሻ 1.5 ሚሊዮኑ ይመለሳል። የማኅበሩ ካፒታል 6.5 ሚሊዮን ስለሚሆን የድርሻቸው መቶኛ ወደ 23% ይወርዳል። በተመሳሳይ ቀመር ዋጋው 2.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብድሩ ሲያልቅ የሚፈታው 300 ሺህ ከ390ው ጋር ሲደመር 690 ሺህ ይሆናል። የቀረውን ድርሻ በሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ትገዛላችሁ። አሁንም ረጅም ነው፤ ግን ባለሀብቱ ግማሽ ብራቸው መቼ እንደሚመለስ በቀን ያውቃሉ።

ባንክ_ፍኖተሰላም
ወለዱስ? በሕጉ ጣሪያ 12% ቢባል በመጀመሪያው ዓመት 180 ሺህ ነው። 300 ሺህ ዋና ብድር ሲጨመርበት 3ኛውን ዓመት ባዶ ያደርገዋል። የኛ ብድር ደግሞ ቅድሚያ አለው። የባለሀብቱ ብድር ከባንኩ በኋላ እንደሚከፈል በጽሑፍ እንድታረጋግጡ እንጠይቃለን።

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
ትክክል። ስለዚህ ወለዱ ዝቅ ይበል፣ ወይም 3ኛው ዓመት ላይ ወለድ ብቻ ይከፈል። ይህ ከባለሀብቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትነጋገሩበት ነው፤ እኔ መወሰን አልችልም።

ግን አንድ ነገር በጣም አደራ። የክፍያውን ወር ጻፉ። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 ያልቃል። የሒሳብ መግለጫና የትርፍ ግብር እስከ ጥቅምት 30 ይቀርባል። ልክ ከዚያ ተከትሎ ከኅዳር እስከ ጥር ዛላ ይገዛል። ጥቅምት ላይ ባንክ ሒሳባችሁ ወፍሮ ይታያል፤ ባለሀብቱም «ይኸው ብር አለ» ይላሉ። ያ ብር ለግብር መክፈያና ለበርበሬ መግዣ ነው። ዋጋውን በኦዲት ጥቅምት ላይ ወስኑ፣ ክፍያውን ግን ስቶኩ ተሸጦ ሲያልቅ ግንቦትና ሰኔ ላይ በሁለት ጊዜ አድርጉት።

ዳንግላ_ነጋዴ
መንገድ የሚዘጋበት ዓመት ቢመጣስ? ጭነት ለሳምንታት ቆሞ ያየን ሰዎች ነን። ያ ዓመት ላይ 690 ሺህ ክፈል ቢባሉ ማሽኑን ይሸጣሉ።

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
ወንድሜ ይህን ማንሳትህ ጥሩ ነው። እኔ የማውቀው አያያዝ እንዲህ ነው፦ ሽያጭ ካለፈው ዓመት ከተወሰነ መቶኛ በታች ከወረደ የዚያ ዓመት ክፍያ ይተላለፋል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ተከታትሎ መተላለፍ የለበትም። መሥራቾቹም በዚያ ዓመት ለራሳቸው የትርፍ ድርሻ አይወስዱም። ይህ የመጨረሻው ከሌለ ባለሀብቱ አይቀበሉትም፣ ልክም ናቸው።

የማርቆስ_ሰው
ገዢው ማነው? ድርጅቱ ነው ወይስ እናንተ? እኔ ጋ ይህም ተምታቶ ነበር።

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
ጋሼ ጥያቄዎ ወሳኝ ነው። ማኅበሩ ራሱ ድርሻውን ገዝቶ ካፒታሉን የሚቀንስ ከሆነ አበዳሪዎች ማወቅ አለባቸው፣ መቃወምም ይችላሉ። ይህ መንገድ ከባድ ነው። የሚቀለው ሦስቱ መሥራቾች በግላቸው እንዲገዙ ነው። ማኅበሩ ለሁሉም የትርፍ ድርሻ ይከፍላል። መሥራቾቹ የደረሳቸውን የትርፍ ብር ለባለሀብቱ ይከፍላሉ። በምላሹ ተመጣጣኝ ድርሻ ይረከባሉ።

ዋጋ አለው ግን። የመሥራቾቹ ብር የትርፍ ድርሻ ግብር ተቆርጦበት ነው የሚደርሳቸው። ከሚከፋፈለውም ለባለሀብቱ 23 በመቶው በቀጥታ ይደርሳል። ስለዚህ ከላይ ያልኩት 690 ሺህ ሙሉ በሙሉ ድርሻ መግዣ አይሆንም፤ ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ወደ አምስት ሊጠጋ ይችላል። በሌላ በኩል ባለሀብቱ በመሀሉ የትርፍ ድርሻ እየወሰዱ ነው። ድርሻው ሲሸጥም ከዋናው በላይ በተገኘው ላይ ግብር አለ። ያንን ማን እንደሚከፍል ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ነው።

መርካቶ_ቅመም
እኔ በዚህ አልስማማም። መሥራቾቹ በግላቸው ከፈረሙ ድርጅቱ ቢወድቅ ቤታቸው ይጠየቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ያቋቋሙት ለምን ነው ታዲያ? ባለሀብቱ የገባው ለንግድ ነው፤ ኪሳራውንም አብሮ ይካፈል።

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
ስጋቱ እውነተኛ ነው። ለዚህ ነው ግዴታው «ማኅበሩ ትርፍ ሲያከፋፍል ብቻ» ተብሎ መታሰር ያለበት። ማኅበሩ ካላከፋፈለ የመሥራቾቹ የግል ንብረት አይነካም። ባለሀብቱ ይህን እንደ ደካማ ዋስትና ሊያዩት ይችላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ መኖሩ አይገርምም።

ባንክ_ፍኖተሰላም
የቡሬ ልጅ፣ ሰውየው የውጭ ዜግነት አላቸው? ብሩ በዶላር የሚመጣ ከሆነ በባንክ በኩል ገብቶ መመዝገብ አለበት። ሲወጡ በውጭ ምንዛሪ ልውሰድ ቢሉ የሚጠየቁት የመግቢያውን ወረቀት ነው።

የቡሬ_ልጅ
የውጭ ዜጋ አይደሉም፣ ብሩም እዚሁ ያለ ነው። ግን ልጃቸው አሜሪካ ናት፤ በኋላ ድርሻውን ለእሷ ላስተላልፍ ብለዋል።

ባንክ_ፍኖተሰላም
እንግዲያው ማስተላለፉንም ጻፉት። ማኅበርተኛ ላልሆነ ሰው ድርሻ ለማስተላለፍ የሌሎቹ አባላት ስምምነት ያስፈልጋል። ለልጅ ሲሆን እንዴት እንደሚታይ አሁን ተስማሙ። ዜግነቷንም ጠይቁ።

የቡሬ_ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ገጹን እንደዚህ ቀይረነዋል፤ ተቹት።

«ባለሀብቱ ካስገቡት 3 ሚሊዮን ውስጥ 1.5 ሚሊዮኑ ለማኅበሩ የተሰጠ ብድር ነው። ከ3ኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይመለሳል። የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው ከግብር፣ ከባንክ ብድርና ከሚቀጥለው መኸር ግዢ በኋላ ከሚተርፈው ጥሬ ገንዘብ ነው። ብድሩ ካለቀ በኋላ መሥራቾች ድርሻውን በየዓመቱ በከፊል ይገዛሉ። ዋጋው የሦስት ዓመት ኦዲት የተደረገ የተጣራ ትርፍ አማካይ አምስት እጥፍ በሚገዛው ድርሻ መቶኛ ተባዝቶ ነው። ከመጋዘን ውስጥ የተበላሸ በርበሬ ከሒሳቡ ይወጣል። ሦስተኛ ወገን ድርጅቱን ልግዛ ካለ ባለሀብቱ በተመሳሳይ ዋጋ አብረው የመሸጥ መብት አላቸው።»

ወለዱን ባዶ ትተነዋል። ስለ ክፉው ዓመት ያለውን አንቀጽ ጠበቃ ያየዋል።

መርካቶ_ቅመም
የተበላሸውን ማን ነው የሚለየው? መሥራቹ ደህና ነው ይላል፣ ባለሀብቱ ደግሞ… እዚያው ጠብ ነው።

የቡሬ_ልጅ
ኦዲተሩ አይችልም?

መርካቶ_ቅመም
ኦዲተር ጆንያ ይቆጥራል፤ ዛላ አይሰነጥቅም። ከሁለታችሁም ወገን ያልሆነ የበርበሬ ነጋዴ ተስማምታችሁ ምረጡና ቆጠራው ቀን ከኦዲተሩ ጋር ይግባ። ከየክምሩ ሥር፣ መሀልና ላይ ናሙና ይውሰድ፤ የተጠራጠረውን ላቦራቶሪ ይላክ። ወጪውን ማኅበሩ ይክፈል።

ሒሳብ_ባሕር_ዳር
ይህን አስገቡት። ቆጠራው ሰኔ 30 ላይ ይሁን፤ ያኔ ስቶኩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ የሚያከራክር አይቀርም። ሌላ ነገር፦ መሥራቾች ደሞዛችሁን ስንት አድርጋችኋል? ደሞዝ ሳትከፍሉ ትርፉን ብታሳድጉ ቀመሩ ድርሻውን ያስወድደዋል፣ የምትገዙትም እናንተው ናችሁ። በጣም ብትከፍሉ ደግሞ ባለሀብቱ ይጎዳሉ። የደሞዙን መጠን እዚያው ገጽ ላይ ጻፉት።

የቡሬ_ልጅ
እስካሁን ደሞዝ አልያዝንም። ነገ እንደገና እንሠራዋለን።

ዳንግላ_ነጋዴ
ሰውየው ምን እንዳሉ ንገረን እሺ። እኔም ለድንች ማከማቻዬ ሰው እየፈለግኩ ነው፤ ይህን ገጽ እወስደዋለሁ።